የጉዳት ማስረጃ ለፍርድ ቤት ሲጽፉ፦ ግኝትንና ሙያዊ አስተያየትን መለየት

«ተጎጂው በዱላ ተመትቶ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የግራ እጁ ተሰብሯል፤ ጉዳቱም ከባድ ነው።»

ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚላክ የሕክምና ማስረጃ አንዳንዴ ከዚህ አይረዝምም። የጻፈው ሐኪም ዋሽቷል ማለት አይደለም። ችግሩ ከአራት ምንጭ የመጡ ነገሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀላቀላቸው ነው። «በዱላ ተመትቶ» የሚለውን ከታካሚው ሰምቷል፤ የጭንቅላቱን ቁስል በዓይኑ አይቷል፤ የእጁን ስብራት ከራጅ አንብቧል፤ «ከባድ ነው» ያለው ደግሞ በሕግ የሚመዘን ነገር ነው። ዳኛው ግን አራቱንም በአንድ ፊርማና በአንድ ማኅተም ሥር እኩል ተሰልፈው ያገኟቸዋል። የትኛው የታየ፣ የትኛው የተሰማ፣ የትኛው የታሰበ እንደሆነ የሚለዩበት ምልክት የላቸውም። የተከሳሽ ጠበቃ ግን ይለየዋል። «ዶክተር፣ ሲመታ እዚያ ነበሩ?» ይላል። መልሱ «አልነበርኩም» ነው። ከዚያ በኋላ በትክክል የታየው ቁስልም አብሮ መጠርጠር ይጀምራል።

ይህ መመሪያ በድንገተኛ ክፍልና በተመላላሽ ክፍል የፖሊስ ደብዳቤ ለሚቀበሉ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች የተጻፈ ነው። ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ከመጀመሪያው እንጽፈዋለን። ለምሳሌነት የተዘጋጀው ጉዳይ ይህ ነው፦ የ34 ዓመት ወንድ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ትናንት ማታ በዱላ እንደተመታ ይናገራል። በራሱ ላይ ቁስል አለ፤ የግራ ክንዱ አብጧል።

መጀመሪያ፦ ማን፣ መቼ፣ በማን ጥያቄ

ይህን ክፍል ቶሎ ጨርሰው ማለፍ ይችላሉ፤ ነገር ግን አይዝለሉት። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ የጠየቀውን ጣቢያ፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የታካሚውን ማንነት በምን እንዳረጋገጡ፣ ለምርመራውና ማስረጃው ለፖሊስ እንዲሰጥ መስማማቱን ይጻፉ። ደብዳቤው የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ደግሞ በተራ ቁጥር ገልብጠው ያስቀምጡ፤ በመጨረሻ አስተያየትዎ የሚመልሰው እነርሱን ነው።

ሰዓት ላይ ግን ይጠንቀቁ። እኛ «ከጠዋቱ 3:30» ስንል የራጅ ማሽኑ በፊልሙ ላይ 09:30 ያትማል። ካርዱ ላይ አንዱ ባለሙያ በእኛ ቀን፣ ሌላው በፈረንጅ ቀን ይጽፋል። ጥቅምት 12 እና ኦክቶበር 22 አንድ ቀን እንደሆኑ ለእርስዎ ግልጽ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን ለሚያገላብጥ ጠበቃ ግን ሁለት ምርመራ ሊመስለው ይችላል። በማስረጃው ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይጠቀሙ፤ ከሌላ ሰነድ የወሰዱትን ቀንና ሰዓት ወደዚያው አቆጣጠር መለወጥዎን ይግለጹ።

ሁለተኛ፦ የሰሙትን በተናጋሪው አፍ ያስቀምጡ

ታሪክ የራሱ ርዕስ ይኑረው፤ ከግኝቱ ጋር በአንድ አንቀጽ አይደር። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ተናጋሪውን ይዞ ይምጣ፦

«ታካሚው እንደተናገረው ጥቅምት 11 ቀን ከምሽቱ 1:00 ሰዓት ገደማ የሚያውቀው ሰው በዱላ ራሱን አንድ ጊዜ፣ የግራ ክንዱን አንድ ጊዜ መታው። ራሱን እንዳልሳተና እንዳላስመለሰው ተናግሯል።»

የመታውን ሰው ስም ቢነግርዎትም ለሕክምናው ካላስፈለገ ማስረጃው ላይ አያስፍሩት። ማን መታ የሚለውን ፖሊስ ያጣራል፤ ስሙ በሐኪም ማኅተም ሥር ሲወጣ ሐኪሙ ያረጋገጠው ይመስላል።

ታሪኩን ማን እንደተናገረም ይለዩ። ታካሚው ራሱ፣ ወንድሙ ወይስ አጅቦት የመጣው ፖሊስ? ብዙ ጊዜ ታካሚው ሕመም ላይ ሆኖ ዝም ሲል አብሮት የመጣው ሰው ያወራል፤ ካርዱ ላይ ግን ሁሉም እንደ ታካሚው ቃል ይገባል። «ራሱን ስቶ ነበር» የሚለውን ያየው ወንድሙ ከሆነ «አብሮት የመጣው ወንድሙ እንደተናገረው» ይበሉ። ራሱን ስቶ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ታካሚው ራሱ ሊመሰክር አይችልም።

ሦስተኛ፦ ግኝት

አንድ ዓረፍተ ነገር ግኝት መሆኑን የሚለዩበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ታሪኩን ያልሰማ፣ የፖሊሱን ደብዳቤ ያላየ፣ ከእርስዎ እኩል የሠለጠነ ሐኪም ይህን ሰው ቢመረምር ይህንኑ ይጽፋል? አዎ ካሉ ግኝት ነው። ያ ሐኪም ታሪኩን ሳይሰማ ሊጽፈው የማይችለው ከሆነ ወይ ታሪክ ነው ወይ አስተያየት ነው፤ ከዚህ ክፍል ይውጣ።

በዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የሚወድቁት ግሶች ናቸው። «ተፈንክቷል»፣ «ተወግቷል»፣ «ተቆርጧል» ስንል ሳናስበው የመታና የወጋ ሰው እናስገባለን። በምትካቸው ያለውን ይግለጹ፦ «ቁስል ይታያል»፣ «እብጠት አለ»፣ «ቆዳው ተልጧል»፣ «በልዟል»። መሣሪያን የሚጠሩ ስሞችም እንዲሁ ናቸው፤ «የዱላ ምልክት» ግኝት አይደለም። «ሰክሮ ነበር» አስተያየት ነው፤ «ትንፋሹ የአልኮል ሽታ አለው፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል» ግኝት ነው። በተለይ ራሱን የተመታ ሰው ላይ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ስካር የመሰለው መንገዳገድ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ሕመም ደግሞ መካከል ላይ ይቆማል። «ያመኛል» ማለቱ ታሪክ ነው። ክንዱን ሲጫኑት ፊቱን አጨማዶ እጁን ቢሰበስብ ያዩት እሱን ነውና እንዲያ ብለው ይጻፉ። «ሕመም አለው» ብቻ ካሉ አይተውት ይሁን ሰምተውት አይታወቅም።

አሁን ወደ ራሱ ቁስል እንቅረብ፤ ብዙ ማስረጃ የሚጠፋው እዚህ ነው። የሚፈስ ደም ካለ መጀመሪያ ደሙን ያቁሙ፤ ሕክምና ከጽሑፍ ይቀድማል። ደሙ ከቆመ በኋላ ግን መርፌና ክር ከማንሳትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይውሰዱ። በጨው ውኃ አጥበው፣ ፀጉሩን ወደ ጎን አድርገው በጥሩ ብርሃን ጠርዙንና ውስጡን ይዩ። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ የሚቀረው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ያ መስመር ቢላዋም ድንጋይም ሊሆን ይችላል።

የራስ ቆዳ በተለይ ያሳስታል። ቆዳው ከጠንካራ አጥንት በላይ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ደነዝ ነገር ሲያርፍበት ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ከሩቅ ሲያዩት በስለት የተቆረጠ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው ውስጡ ነው። የቁስሉን ሁለት ከንፈሮች በጓንት ጣት ቀስ አድርገው ይክፈቱ። ደነዝ ነገር ቆዳውን ጨፍልቆ ሲሰነጥቀው ጠንከር ያሉት የሥጋ ጭረቶች፣ ነርቮችና ትንንሽ የደም ሥሮች ሳይበጠሱ ይቀራሉ፤ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እንደ ክር ተዘርግተው ያዩአቸዋል። ጠርዙም የተላጠና የበለዘ ነው። ስለት ግን ሁሉንም እኩል ይቆርጣል፤ መሐሉ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ አልበለዘም። «በቁስሉ ግድግዳዎች መካከል ያልተበጠሱ ጭረቶች አሉ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ የአስተያየትዎ ዋና ምሰሶ ይሆናል። ሳይሰፋ ካልተጻፈ ደግሞ መቼም አይገኝም።

እያንዳንዱን ጉዳት በቁጥር ይለዩት። ቦታውን ከማይንቀሳቀስ የሰውነት ምልክት ተነሥተው በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ቀኝና ግራው የታካሚው ቀኝና ግራ ነው። ከዚያ ዓይነቱን፣ ቅርጹን፣ አቅጣጫውን፣ መጠኑን፣ ጠርዙን፣ ቀለሙን ይጻፉ። በዓይን የገመቱትን «በግምት» ይበሉ፤ በማስመሪያ ያልተለካን ነገር በነጥብ ቤት መጻፍ ያላደረጉትን ልኬት ማስመሰል ነው። በታካሚው ፈቃድ ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ ማስመሪያውን ከጉዳቱ ጎን አስጠግተው ካሜራውን ፊት ለፊት ይያዙት፤ በጎን የተነሣ ፎቶ መጠኑን ያዛባል።

የምሳሌያችን ታካሚ ግኝት እንዲህ ይወጣል፦

1. በግራ የራስ ጎን፣ ከግራ ጆሮ የላይኛው ጠርዝ 5 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ 4 ሳ.ሜ. የሚረዝም ክፍት ቁስል። ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ በዙሪያው የተላጠና ያበጠ፤ በግድግዳዎቹ መካከል ያልተበጠሱ ጭረቶች ይታያሉ። የደረቀ ደም አለ፤ በምርመራው ጊዜ ደም አይፈስም።

2. በግራ ክንድ የትንሿ ጣት በኩል፣ ከክርኑ ጫፍ 11 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ፣ ክንዱን በአግድም የሚያቋርጡ ሁለት ትይዩ ቀይ ወይን ጠጅ መስመሮች፤ እያንዳንዳቸው 7 ሳ.ሜ. ይረዝማሉ፣ በመካከላቸው 2.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቀለሙ ያልተለወጠ ቆዳ አለ። ቦታው አብጧል፤ ሲጫኑት ታካሚው እጁን ይሰበስባል።

3. በቀኝ ጉልበት ፊት 2 በ1.5 ሳ.ሜ. የሆነ የተላጠ ቆዳ፣ ቡናማ ደረቅ ቅርፊት ያለው።

4. ታካሚው ነቅቷል፤ የግላስጎው ኮማ መለኪያ 15 ከ15፤ የዓይኖቹ ብሌኖች እኩል ናቸው። ከጆሮና ከአፍንጫ ደም ወይም ፈሳሽ አይታይም። በደረት፣ በሆድና በጀርባ ላይ የሚታይ ጉዳት የለም።

ሦስተኛውን ያስተውሉ። ታካሚው ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ከታሪኩ ጋር ስላልገጠመ ብቻ የሚታለፍ ጉዳት ሐኪሙ ያዩትን ሳይሆን የሚጠብቁትን እንደጻፉ ያሳያል፤ ስለዚህ ይግባ። አራተኛው ውስጥ «የለም» የተባሉትም ግኝቶች ናቸው። ጀርባው ካልተፈተሸ ግን «ጉዳት የለም» አይባልም፤ «ጀርባው አልታየም» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሰው ነጻነት ልክ ነው።

ግኝቱ የማን ነው?

ራጁን ማን አነበበው? እርስዎ ራስዎ ፊልሙን አይተው ከሆነ «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ይበሉ፤ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ሪፖርት ከሆነ የሪፖርቱን ቀን ጠቅሰው የእርሱ ግኝት መሆኑን ይጻፉ። በምሳሌያችን፦ «5. ጥቅምት 12 ቀን የተነሣው የግራ ክንድ ራጅ (ፊልሙን አይቼዋለሁ)፦ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት መሐሉ ላይ በአግድም ተሰብሯል፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት አልተሰበረም፤ የክርንና የእጅ አንጓ መገጣጠሚያዎች በቦታቸው ናቸው።» የራስ ሲቲ ስካን አልተሠራም፤ ይህም በግልጽ ይጻፍ።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ሁኔታ አለ፤ በየሆስፒታሉም የተለመደ ነው። ታካሚውን ያየው ሐኪም ተዛውሯል፣ የፖሊስ ደብዳቤ ዛሬ ደርሷል፣ ካርዱ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ እርስዎ ያዩት ታካሚ የለም፤ ያዩት ካርድ ነው። የማስረጃው የመጀመሪያ መስመር ይህን ይናገር፦ «ታካሚውን አልመረመርኩም፤ ይህ ማስረጃ የተዘጋጀው በካርድ ቁጥር … ከሰፈረው ነው።» ካርዱ «ስቲክ ኢንጁሪ» ብቻ የሚል ከሆነ እርስዎ ጠርዝና ልኬት ሊፈጥሩለት አይችሉም። «የቁስሉ ጠርዝና ጥልቀት በካርዱ ላይ አልተገለጸም፤ ስለዚህ በምን እንደመጣ አስተያየት መስጠት አልችልም» ብለው ያቁሙ። ፖሊሱ ይከፋ ይሆናል፤ ይሁንና ካርድ ላይ የሌለን ነገር በአስተያየት መሙላት ለተጎጂውም ለተከሳሹም በደል ነው።

አራተኛ፦ አስተያየት

አሁን ርዕስ ይለውጡ፤ «ሙያዊ አስተያየት» ብለው በአዲስ ገጽ ወይም ቢያንስ በግልጽ መስመር ይጀምሩ። ሕጉ ሁለት ነው። እያንዳንዱ አስተያየት በየትኛው ቁጥር ግኝት ላይ እንደቆመ ይናገር። እዚህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይግባ። አስተያየት ሲጽፉ «ቁስሉ አጥንት ድረስ ስለደረሰ» የሚል ሐረግ ከመጣብዎት፣ ከላይ ጥልቀቱን ጽፈዋል? ካልጻፉ ወደ ካርዱ ይመለሱ፤ እዚያም ከሌለ ሐረጉን ይሰርዙት።

የእርግጠኝነት መጠንን ለመግለጽ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አምስት ደረጃ አስቀምጧል። የተዘጋጀው ለማሰቃየት ወንጀል ምርመራ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ በ2022 ተሻሽሏል። ደረጃዎቹ ግን ለማንኛውም ጉዳት ያገለግላሉ። «አይጣጣምም» ማለት ጉዳቱ በተባለው መንገድ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው። «ይጣጣማል» ሲባል በዚያ መንገድ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ሌሎች ብዙ መንገዶችም አሉ። «በከፍተኛ ደረጃ ይጣጣማል» ሲባል ሌሎቹ መንገዶች ጥቂት ናቸው። «ዓይነተኛ ነው» ማለት እንዲህ ባለ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚታይ መልክ ነው፣ ሌላ ምክንያት ግን ሙሉ በሙሉ አይቀርም። «አረጋጋጭ ነው» የሚባለው በሌላ በምንም መንገድ ሊመጣ በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በዱላና በቡጢ ጉዳት ይህን የሚጽፉበት ቀን እምብዛም አይመጣም። ቃላቱን ከተጠቀሙ ትርጉማቸውን ማስረጃው ግርጌ ላይ ያስፍሩ፤ ዳኛው «ይጣጣማል»ን «ተረጋግጧል» ብለው እንዳይረዱት።

በታካሚያችን ላይ እንሞክረው። የራሱ ቁስል (ግኝት 1) የተላጠ ጠርዝና ያልተበጠሱ ጭረቶች ስላሉት የደነዝ ኃይል ውጤት ነው፤ ይህን በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል። ደነዙ ነገር ግን ዱላ ይሁን የድንጋይ ጠርዝ፣ ሰው መትቶት ይሁን ወድቆ ደረጃ አግኝቶት፣ ቁስሉ ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ «በዱላ ከመመታት ጋር ይጣጣማል፤ ጠርዝ ባለው ነገር ላይ ከመውደቅ ጋርም ይጣጣማል» ይባላል። ሁለተኛውን አማራጭ መጻፍ ተጎጂውን መክዳት የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉ። እኔ እንደማየው ተቃራኒው ነው፤ ሐኪሙ አማራጩን አስቀድሞ ከመዘነው፣ ጠበቃው ሲያነሣው አዲስ ነገር አይሆንም።

ክንዱ ላይ ግን ማስረጃው ይጠነክራል። ሞላላ ዘንግ በኃይል ሲያርፍ ከሥሩ ያለውን ደም ወደ ሁለቱ ጎን ይገፋዋል፤ በሁለቱ ጠርዝ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ተወጥረው ይበጠሳሉ፣ መሐሉ ግን ተጭኖ ሳይበልዝ ይቀራል። ሁለቱ ትይዩ መስመሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። ከሥራቸው ያለው አጥንት መሐሉ ላይ በአግድም ተሰብሮ፣ ጎረቤቱ አጥንትና መገጣጠሚያዎቹ ጤነኛ ናቸው። እጅን ዘርግቶ መውደቅ ብዙ ጊዜ የሚሰብረው አንጓ አካባቢን ወይም ሁለቱንም አጥንቶች ነው። ስለዚህ፦

«ግኝት 2 ሞላላ ዘንግ መሰል ደነዝ ነገር ካረፈበት ለሚመጣ ጉዳት ዓይነተኛ ነው። ግኝት 2 እና 5 አንድ ላይ ሲታዩ በክንዱ ላይ በቀጥታ ካረፈ ምት ጋር በከፍተኛ ደረጃ ይጣጣማሉ፤ እጅን ዘርግቶ በመውደቅ የመምጣታቸው ዕድል አነስተኛ ነው። በእነዚህ ግኝቶች ዘንጉ ከምን እንደተሠራ ወይም የማን እንደነበረ መናገር አልችልም።»

«ራሱን ሲከላከል ነው የተሰበረው» የሚለው ሐረግ እዚህ ጋ ሊያጓጓዎት ይችላል። ክንዱ በዚያ በኩል ምት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ እንደሆነ እውነት ነው። የሰውየው ሐሳብ ግን በአጥንቱ ላይ አልተጻፈም፤ ሲሸሽም ሲማታም ያው ክንድ ሊመታ ይችላል። ከተጠየቁ «ክንድ ከፍ ብሎ በተነሣበት ሁኔታ ከተገኘ ምት ጋር ይጣጣማል» ይበሉና ራስን መከላከል የነበረ መሆን አለመሆኑን ለፍርድ ቤቱ ይተዉለት።

ጊዜን በተመለከተ ከቀለም ብዙ አይጠብቁ። ብልዘት «መጀመሪያ ቀይ፣ በሁለተኛው ቀን ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ» የሚለው የድሮ ሰንጠረዥ ለፍርድ የሚሆን አይደለም። ቀይ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እስኪድን ድረስ ሊታዩ ይችላሉ። ትንሽ ድጋፍ ያለው ብጫ ቀለም ነው፤ በብልዘት ውስጥ ብጫ ካለ ጉዳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ሆኖታል ማለት ይቻላል። ብጫ አለመታየቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቀለሙን መለየቱ ራሱ ያዳግታል። ለታካሚያችን «ግኝት 1 እና 2 ከምርመራው በፊት በነበረው ምሽት ከደረሰ ጉዳት ጋር ይጣጣማሉ፤ ትክክለኛውን ሰዓት ከመልካቸው መወሰን አይቻልም» ብሎ ማቆም በቂ ነው። ለጉልበቱም «ግኝት 3 የቆዳ ልጠት ነው፤ ታካሚው ስለ መንሥኤው አልተናገረም፤ ከተባለው ድርጊት ጋር ይያያዝ አይያያዝ መናገር አልችልም» ይበሉ።

«ቀላል ነው ወይስ ከባድ?»

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ይህን በቀጥታ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳትን፣ አንቀጽ 556 ቀላሉን ይመለከታሉ። በመካከላቸው ያለው የቅጣት ርቀት ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሐኪም «ከባድ» ብሎ ሲጽፍ ሳያውቀው አንቀጽ እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ባዶ መተውም ፍርድ ቤቱን አይረዳም። አንቀጽ 555 የሚያነሣቸው ነገሮች የሕክምና ይዘት አላቸው፦ ሕይወትን አደጋ ላይ ጥሏል? በጤና ላይ ዘላቂ ጉዳት አለ? የአካል ክፍል ጠፍቷል ወይም ከጥቅም ውጭ ሆኗል? ጎልቶ የሚታይ የመልክ መበላሸት ትቷል? መልስዎን ለእነዚህ ጥያቄዎች ለየብቻ ይስጡ፤ «ከባድ» እና «ቀላል» የሚሉትን ቃላት ግን ለዳኛው ይተዉ። እንዲህ፦

«በምርመራው ጊዜ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ምልክት አልታየም (ግኝት 4)፤ ይሁንና የራስ ሲቲ ስካን ስላልተሠራ በራስ ቅል ውስጥ ጉዳት አለመኖሩን ማረጋገጥ አልችልም። የክንዱ ስብራት (ግኝት 5) ሕክምና የሚያስፈልገው ሲሆን እንዲህ ያለ ስብራት ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ግራ እጁን ለከባድ ሥራ መጠቀም አይችልም። ዘላቂ የአካል ጉዳት መተው አለመተዉን ዛሬ መናገር አይቻልም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አጥብቀው ይቁሙ። ቁስሉ ሳይድን፣ አጥንቱ ሳይገጥም ስለ ዘላቂነት መናገር ግኝት የሌለው አስተያየት ነው። የአካል ጉዳትን በመቶኛ ለሚጠይቅ ደብዳቤም ሕክምናው ሲያበቃ ጉዳዩን ወደ ሐኪሞች ቦርድ ይምሩት።

ከመፈረምዎ በፊት

ሁለት ነገር ያድርጉ። አስተያየቱን በእጅዎ ሸፍነው ግኝቱን ብቻ ለባልደረባዎ ያሳዩ፤ ታሪኩን አይንገሩት። ከግኝቱ ተነሥቶ «ዱላ ነው አይደል?» ብሎ ከጠየቀ እርስዎ የት ቦታ ላይ እንደነገሩት ይፈልጉ። ምናልባት ሁለቱ ትይዩ መስመሮች ራሳቸው ነግረውት ይሆናል፤ ያ ጥሩ ነው። ምናልባት ግን «የምት» የሚል ቃል ግኝቱ ውስጥ ሾልኮ ገብቷል። ቀጥሎ ግኝቱን ሸፍነው አስተያየቱን ብቻ ያንብቡ፤ ቁጥር ያልጠቀሰ ዓረፍተ ነገር ካለ ቁጥሩን ይስጡት ወይም ያውጡት።

ከተፈረመ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ወይም አዲስ ነገር ቢመጣ የተላከውን አይደልዙ፣ ገጹንም አይቀይሩ። አዲስ ቀንና ቁጥር ያለው ተጨማሪ ማስረጃ ይጻፉ፤ የተለወጠው ግኝቱ ይሁን አስተያየቱ በመጀመሪያው መስመር ይናገር። የታካሚያችን ከሆነ ከሳምንታት በኋላ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በጥቅምት 12 ቀን ማስረጃ ላይ ከግኝት 1 እስከ 5 ያሉት እንዳሉ ናቸው። ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ታካሚውን እንደገና መርምሬዋለሁ። አዲስ ግኝት 6፦ በራጁ ላይ ስብራቱ ገጥሟል፤ ክንዱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የማዞር አቅሙ ከቀኙ እኩል ነው። በዚህ መሠረት ስለ ዘላቂነት ቀድሞ ያላረጋገጥኩት አስተያየት በሚከተለው ተተክቷል፦ በክንዱ ላይ ዘላቂ የእንቅስቃሴ ጉዳት አልታየም።»